የተዘበራረቁ የማር መለያ ጽሑፎችን ወደ አንድ አጻጻፍ ስለማምጣት

«ባሕር ዳር ለምንሸጠው ማር በመለያው፣ በዋጋ ዝርዝሩና በድረ ገጹ ያለው አጻጻፍ የተለያየ ነው። የአጻጻፍ መመሪያ ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ ጽሑፎቹን ሁሉ ወደ አንድ ሰነድ ሰብስበው ቃላቱን በሠንጠረዥ ያውጡ። በፊደል ተራ ብቻ ከደረደሯቸው «አይነት» እና «ዓይነት» በጣም ተራርቀው ስለሚቀመጡ ልዩነቱ ያመልጥዎታል፤ ስለዚህ በሁለተኛ ዓምድ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው፣ ከዚያም ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ለውጠው በዚያ ዓምድ ይደርድሩ። ይህ ዓምድ መፈለጊያ ብቻ ስለሆነ ትክክለኛውን አጻጻፍ ከእሱ አይውሰዱ።

የትኛው እንደሚበዛ ሲቆጥሩ ቃሉ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ሳይሆን በስንት የተለያዩ ሰነዶች እንደተገኘ ይቁጠሩ፤ አንድ መለያ ደጋግሞ ከተቀዳ ስሕተቱም አብሮ ይበዛልና።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው የምርት ስም ነው። «ንጹሕ ማር» እና «የተጣራ ማር» አንድ መስለው ቢታዩም፣ አንዱ ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበትን፣ ሌላው ሰምና እንጀራው የተለየለትን ለማለት ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማሩን የሚያጣራውንና የሚያሽገውን ሠራተኛ ሳይጠይቁ አንዱን አይሰርዙ። ሁለት ነገሮች ከሆኑ ሁለቱንም ስሞች ከነፍቺያቸው ያስፍሩ።

ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚያሳስበው በላቲን የተጻፈውን ብቻ ነው። Debre Markos፣ Debre markos እና Debremarkos ካገኙ የመጀመሪያውን ይያዙ፤ የተመዘገበ የንግድ ስም ግን እንደተመዘገበው ይጻፋል። በእያንዳንዱ ውሳኔ አጠገብ የተተወውን አጻጻፍ ጭምር ይመዝግቡ፤ ጸሐፊዎች መመሪያውን ሲከፍቱ የሚፈልጉት ብዙውን ጊዜ እሱን ነው።