ለደሴ ቤት የመስታወት ካቢኔ፦ ከፍታው፣ ጉሙና ዕቃው

ጥያቄ፦ «ሰላም፣ ደሴ ነው ያለነው። ሻወር ቤት ከእጅ መታጠቢያው በላይ መስታወት ያለው ካቢኔ ልንገዛ ነው። ባለቤቴ 1.78 ነው፣ እኔ 1.58፣ ልጃችን 1.20። በስንት ከፍታ ይሰቀል? ጉም አይዝም የሚሉትስ እውነት ነው? መድኃኒትና ሳሙናም እንዲይዝልን እንፈልጋለን።»

እህቴ፣ ሱቅ ከመሄድሽ በፊት ሜትር ይዘሽ ግድግዳውን ለኪ። የካቢኔው ቁመትም፣ ጉም የሚከላከለው ክፍል ስፋትም ከዚያ ልኬት ነው የሚወጣው።

አንድ ሰው ፊቱን ሙሉ ለማየት የመስታወቱ የላይ ጫፍ ከዓይኑና ከአናቱ መሃል፣ የታች ጫፉ ደግሞ ከዓይኑና ከአገጩ መሃል መድረስ አለበት። ቀረብ ቢልም ራቅ ቢልም ይኸው ነው። የባለቤትሽ ዓይን 166 ሴንቲሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ አናቱ 178፤ መሃሉ 172። የልጁ ዓይን 109፣ አገጩ 101 አካባቢ ነው፤ መሃሉ 105። አንቺ በሁለቱ መካከል ስለሆንሽ አትቸገሪም። ስለዚህ ቁመቱ 70 የሆነ ካቢኔ ግዢና የታች ጫፉን ከወለሉ 104 ላይ አሰቅዪው፤ የላዩ 174 ላይ ያርፋል። የእጅ መታጠቢያው ጠርዝ 85 ከሆነ ለቧንቧው 19 ሴንቲሜትር ይተርፋል፤ ረጅም አንገት ያለው ቧንቧ ካላችሁ ግን አስቀድመሽ ለኪው። ልኬቱ የመስታወቱ እንጂ የሳጥኑ አይደለም፤ ወፍራም ፍሬም ያለው ከላይም ከታችም ይቀንስብሻል። አብዛኛው ባለሙያ ካልነገርሽው በራሱ ቁመት ልክ ነው የሚሰቅለው፤ ያኔ ልጁ የሚያየው ግንባሩን ብቻ ይሆናል።

ወደ ጉሙ ስንመጣ፣ መስታወት የሚደበዝዘው ከእንፋሎቱ በጣም ሲቀዘቅዝ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ጠዋት ግድግዳውም መስታወቱም በረዶ ነው፤ ሙቅ ውሃ እንደተከፈተ ወዲያው ይሸፈናል። ኮምቦልቻ ቢሆን መስኮት መክፈት ይበቃል፣ ለማሞቂያ ገንዘብ ባላወጣሁ እል ነበር። እናንተ ጋ ግን ይጠቅማል።

«ጉም አይዝም» ተብሎ የሚሸጠው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ላዩ ላይ የተለጠፈ ፊልም ነው፤ በመወልወያ ሲታሽ እየለቀቀ ይሄዳል። ሌላው ከመስታወቱ ጀርባ የሚለጠፍ፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ስስ ሉህ ነው። የምትፈልጊው ይሄን ነው። ሱቅ ውስጥ አስበሪውና ከአምስት እስከ አስር ደቂቃ ጠብቀሽ በመዳፍሽ ዳብሺው፤ ለብ ያለው ቦታ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ታውቂያለሽ። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሸወደው፦ ሉሁ ብዙ ጊዜ መሃሉን ብቻ ነው የሚሸፍነው። ቁመቱ 50 የሆነ ሉህ 70 መስታወት መሃል ላይ ቢለጠፍ ከወለሉ ከ114 እስከ 164 ያለውን ብቻ ያጠራል፤ የልጁ ፊት የሚታይበት ቦታ ጭጋግ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ 60 የሆነውን ጠይቂ፤ ከ109 እስከ 169 ስለሚያጠራ ልጁ ቢያንስ ዓይኑንና ግንባሩን ያያል። 40 በ60 የሆነው የሚበላው 50 ዋት አካባቢ ነው፣ ለቆጣሪ የሚያሳስብ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ግን እንደ ማንኛውም መስታወት ነው።

በሩን ክፈቺና የማሞቂያውን ሽቦ እይ። በማጠፊያው በኩል ሲያልፍ ትንሽ ላላ ብሎ መታጠፍ አለበት፤ የተወጠረ ከሆነ በከፈትሽ በዘጋሽ ቁጥር እየተጎተተ ይበጠሳል። ኤሌክትሪሻኑ ከሻወር ቤቱ መብራት ማብሪያ ጋር ያገናኘው፣ ግራውንድም ይኑረው።

ዕቃ መያዣው ከ12 እስከ 15 ሴንቲሜትር ጥልቀት ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ ለውዱእም ሆነ ፊት ለመታጠብ ጎንበስ ያለ ሰው ቀና ሲል ግንባሩን ይመታዋል። እኩል ሁለት በር ያለውን ተዪው፣ መጋጠሚያው ፊት መሃል ላይ ነው የሚያርፈው። 40 እና 20 ሆኖ የተከፈለ ይሻላል፦ ማሞቂያው በሰፊው በር፣ ልጁ ደጋግሞ የሚፈልገው ብሩሽና ሳሙና በጠባቡ በታችኛው መደርደሪያ። መድኃኒትና ምላጭ የላይኛው ላይ ይሁን፤ ልጁ በርጩማ ካገኘ ስለሚደርስበት ትንሽ ቁልፍ አስገጥሚለት።

ሳጥኑ ኤምዲኤፍ ከሆነ መጀመሪያ የሚያብጠው የታች ጠርዙ ነው፤ ውሃ የሚረጨው እዚያ ነውና። አልሙኒየም ወይም ፒቪሲ ውሰጂ።

ሲሰቀል ግድግዳው ብሎኬት መሆኑን አትርሺ፤ ውስጡ ክፍት ነው። አጭር ፊሸር ልስኑን ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ዕቃ ሲሞላ 20 ኪሎ የሚጠጋውን ካቢኔ ይዞ ይወርዳል። ለክፍት ብሎኬት የሚሆን ረጅም ፊሸር ይግባ፣ ሲራሚኩም ያለ መዶሻ፣ በመዞር ብቻ ይበሳ። ከቧንቧው ትክክል ወደ ላይ ባለው መስመር ግን አይበሳ፤ የውሃ መስመሩ በዚያ ሊያልፍ ይችላል።