የረጋ ማር ሁሉ ስኳር የገባበት አይደለም

«ባለፈው ወር የገዛሁት ነጭ ማር ረግቶ ስኳር መሰለ። ባዕድ ነገር የገባበት መሆኑን እንዴት ልለይ? የሚታመን ሻጭስ በምን ይታወቃል?»

መርጋቱ ብቻውን ማሩን አያስጠረጥርም። በማር ውስጥ ያለው ግሉኮስ አየሩ ሲቀዘቅዝ ተለይቶ ይጠጥራል፤ የትግራይና የላስታ ነጭ ማርም ሆነ ከሸካና ከከፋ ጫካ የሚመጣው ነጩ የገተማ ዛፍ ማር መርጋት ልማዳቸው ነው። የረጋውን በሁለት ጣትዎ አሽተው ምላስዎ ላይ ያኑሩት። በአብዛኛው የተፈጥሮው ቅንጣት ልሞ ቶሎ ይሟሟል፤ ሳይሟሟ የተጨመረ የሱቅ ስኳር ግን ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ቀስ ብሎ የረጋ ንጹህ ማርም አንዳንዴ ሻካራ ስለሚሆን፣ በዚህ ብቻ አይፍረዱ።

በክብሪት መለኮስ፣ ውኃ ውስጥ መጣል፣ ወረቀት ላይ ማንጠባጠብ የሚባሉት ዘዴዎች ግን የሚያሳዩት የማሩን ውፍረትና እርጥበት ነው እንጂ ስኳር መኖሩን አይደለም። በቤት ውስጥ ከእነዚህ የሚሻለው ሚዛን ነው፤ አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። አንድ ሊትር የሚይዝ ዕቃ ባዶውን መዝነው፣ ማሩን ሞልተው እንደገና ሲመዝኑት ልዩነቱ 1.3 ኪሎ ከሆነ ውኃ አለበት፤ እንዲህ ያለው ማር ቆይቶ አረፋ ያወጣል፣ ይኮመጥጣልም። ስኳሩ ፈልቶ በደንብ ወፍሮ ከተቀላቀለ ግን ሚዛኑም ስለማይለየው፣ ለጠጅ ወይም ለንግድ በብዛት የሚገዛ ሰው ናሙና ቤተ ሙከራ ቢያስገባ ይሻለዋል። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ መሠረት በአብዛኛው ማር ውስጥ ሱክሮስ፣ ማለትም የተራው ስኳር ዓይነት፣ ከመቶ 5 እጅ መብለጥ የለበትም።

ስለዚህ እኔ ከማሩ ይልቅ ሻጩን መመርመር ይቀናኛል። የት እንደተቆረጠ፣ በየትኛው ወር፣ ከምን አበባ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። የሰሜኑ ነጭ ማር በዋናነት የሚቆረጠው ከክረምቱ አበባ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። በሰኔ «ትናንት ከትግራይ የገባ፣ አሁን የተቆረጠ» ብሎ ነጭ ማር የሚያቀርብልኝን ሰው አላምነውም። ማሩ የገተማ ሊሆን ይችላል፤ ገተማ በበልግ አብቦ ግንቦትና ሰኔ አካባቢ ስለሚቆረጥ ማሩ ንጹህ ሆኖ ስሙ ብቻ ውሸት ነው ማለት ነው። «ይህ የኅዳሩ ነው፣ ስለረጋ ዋጋውን ልቀንስልዎ» ወይም «የላስታው አልቋል» የሚለኝ ሻጭ ግን ደንበኛዬ ይሆናል።

ዓመቱን ሙሉ መልኩም ጣዕሙም የማይለወጥ ማር የሚሸጥ ቤትም ያጠራጥረኛል፤ አበባው ሲለወጥ ማሩም ይለወጣልና። ከላይ ያለውን ብቻ አስቀምሶ ከታች የሚቀዳም አለ፤ ስለዚህ ጀሪካኑ ተከፍቶ ከሥሩ እንዲቀዳልኝ እጠይቃለሁ፣ መጀመሪያም ግማሽ ኪሎ ብቻ እወስዳለሁ። እርስዎም ለአሁኑ ማሰሮውን ከድነው ያቆዩትና፣ ሻጭዎን የተቆረጠበትን ወርና ወረዳ ይጠይቁት።