ብቸኛው አድሚን ከሥራ ሲለቅ

«ኮምቦልቻ ያለ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። የድርጅቱ ኢሜይልና ፋይል ያለበትን የጉግል ወርክስፔሳችንን የከፈተው ልጅ ለቆ ሄደ። ፓስዎርዱን አናውቀውም፣ ስልኩንም አያነሳም። ወርሃዊ ክፍያውም በእሱ ስም ነው የሚወጣው። ምን ላድርግ?»

አብሽር ወንድሜ፣ መውጫ አለው። ደሴ ስሠራ ይኸው ነገር ደርሶብን ነበር። ያለፍንበትን ልንገርህ።

መጀመሪያ ሌላ Super Admin፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣን ያለው አድሚን፣ ካለ ጠይቅ። ካለ ነገሩ የአምስት ደቂቃ ነው፤ እሱ ገብቶ ለአንተ ሥልጣኑን ይሰጥሃል። እኛ ጋ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እንዲህ ሲሆን የድርጅቱ ሰው መሆንህን ጉግል የሚያረጋግጠው በዶሜኑ፣ ማለትም በድርጅታችሁ የኢንተርኔት አድራሻ ነው። የአድሚን መልሶ ማግኛ ቅጹን ስትሞላ CNAME ሬኮርድ የሚባል አንድ መለያ መስመር ይሰጥሃል። እሱን ዶሜናችሁ የሚተዳደርበት DNS የሚባለው መዝገብ ውስጥ ታስገባለህ። ሬኮርዱ እስኪታይ ጥቂት ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል ወዲያው ካልሠራ አትደንግጥ።

እኛን ያደከመን እዚህ ነው። ዶሜኑም የተመዘገበው በለቀቀው ልጅ የግል ኢሜይል ሆኖ ተገኘ። የንግድ ፈቃዱንና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘን ዶሜኑን ወደሸጠልን ድርጅት ሄድን። ኢሜይሉን በድርጅቱ ኢሜይል ቀየሩልን። ስለዚህ ቅጹን ከመሙላትህ በፊት ዶሜኑ በማን እጅ እንዳለ እይ።

በልጁ አካውንት እንደገባህ ፓስዎርዱን ቀይር። የመልሶ ማግኛ ስልኩንና ኢሜይሉንም ቀይር፣ የእሱን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አጥፋ፣ ከሌሎች መሣሪያዎችም አስወጣው። ከዚያ ለሁለት ሰዎች Super Admin ስጥ። አንድ ሰው ብቻ እንዳታደርግ፣ አደራ።

አሁን ስለ ክፍያው። አካውንቱን ወዲያው እንዳትሰርዘው! እኛ ተናደን ሰረዝነው። የክፍያ ፕሮፋይሉ ውስጥ ያለው ተጠቃሚ እሱ ብቻ ስለነበር አዲሱ አድሚን ካርዱን መቀየር አቃተው። ደግነቱ የተሰረዘ ተጠቃሚ እስከ 20 ቀን ድረስ መመለስ ይቻላል። እኛ በ12ኛው ቀን ነው የነቃነው። ከዚያ በኋላ ከስምንት ቀን በላይ ብንዘገይ ኖሮ የእሱ ድራይቭ ውስጥ የነበሩት የድርጅቱ ፋይሎችም አብረው ይሄዱ ነበር።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። በእሱ አካውንት እንዳለህ Billing ውስጥ ገብተህ የክፍያ አካውንቱን ክፈት። Payments users የሚለው ላይ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛችሁን ሙሉ ፈቃድ ሰጥተህ ጨምር። ግብዣው በኢሜይል ይደርሳታል፤ ስትቀበለው በራሷ አካውንት ገብታ አዲሱን ካርድ ታስገባ። የአሮጌው ካርድ ባለቤት እንደኛው ውጭ ያለ ዘመድ ቢሆንም፣ ካርዱን የምታነሱት አዲሱ ከሠራ በኋላ ነው። ልጁን ከክፍያ ተጠቃሚነት የምታስወጣውም ያኔ ነው።

አንድ ነገር ልብ በል። ልጁ ፕሮፋይሉን የከፈተው በግለሰብ ዓይነት ከሆነ ወደ ድርጅት መቀየር አይቻልም። አዲስ ፕሮፋይል መክፈት ይኖርባችኋል። ደረሰኙ በድርጅቱ ስም እንዲወጣ የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ ይህን እዩ።