ስክሪኑ 1,010 ይላል፣ የከፈልኩት 1,060

«300 አክሲዮን በማርኬት ኦርደር አዘዝኩ። ዋጋው 1,010 ብር ነበር፤ በአማካይ 1,060 ወጣብኝ። ተበልቼ ይሆን?»

እህቴ፣ የላክሽው ወረቀት ላይ ማጭበርበር አይታየኝም። 1,010 መጨረሻ የተሸጠበት ዋጋ ነው፤ ያ ሻጭ ሸጦ ሄዷል። አንቺ ስታዢ የተሰለፉት ሻጮች ሌሎች ነበሩ፦ 100 በ1,020፣ 50 በ1,050፣ 150 በ1,090። ማርኬት ኦርደር ቁጥሩ እስኪሞላ ርካሹን እየጨረሰ ወደ ውዱ ይወጣል። ድምሩ 318,000 ብር፤ ከጠበቅሽው 15,000 በላይ።

ልጅ ቀፊራ ገበያ ልከሽ «ሁለት ኩንታል ሽንኩርት ሳትይዝ እንዳትመለስ» ብትዪው፣ የመጀመሪያዋ ሴትዮ ጋ ያለው ሲያልቅ ቀጣይዋ የጠራችውን ከፍሎ ይመጣል። ልጁ አላጠፋም፣ የታዘዘውን ነው ያደረገው።

«ሊሚት 1,050 ብል ኖሮ ሁሉንም በ1,050 እገዛ ነበር ማለት ነው?»

ግማሹ ልክ ነው። 1,050 ጣሪያሽ ነው እንጂ የምትከፍዪው ዋጋ አይደለም። 100ውን ያው በ1,020፣ 50ውን በ1,050 ታገኚ ነበር፤ 154,500 ብር፣ በአማካይ 1,030። የቀረው 150 ግን በ1,050 ተሰልፎ ሻጭ ይጠብቃል። ከአንቺ በላይ ዋጋ የሰጠ ይቀድምሻል፤ እኩል ከሰጣችሁ ደግሞ ቀድሞ ያዘዘው። ጨርሶ ሳይሞላም ሊቀር ይችላል።

«እኔ የባንክ አክሲዮን ከባንኩ ራሱ በ1,000 ብር ስገዛ ማንም ሊሚት ምናምን አላለኝም።»

ጋሼ፣ የእርስዎ ሌላ ነው። ባንኩ አዲስ አክሲዮን ሲያወጣ ዋጋውን ቆርጦ ነው የሚሸጠው፤ የሻጭ ሰልፍ የለም። ገበያ ላይ ልሽጥ ያሉ ቀን ግን ይመለከትዎታል፦ ለሻጭ ማርኬት ኦርደር የሚወርደው ወደ ታች ነው።

«ሊሚት ብዬ ስጠብቅ ዋጋው ጥሎኝ ሄደ። እኔ ማርኬት ይሻላል ባይ ነኝ።»

ያጣኸው እውነተኛ ኪሳራ ነው፣ አልክድህም። ሻጭና ገዢ በሚርመሰመስበት ገበያ፣ ትንሽ ለሚገዛ ሰው የሁለቱ ልዩነት ሳንቲም ነው። የእኛ ግን በ2017 ዓ.ም የተከፈተ ልጅ ገበያ ነው፤ አንድ ሰው 300 ሲያዝ እንኳ ሰልፉን ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ ከዋጋው አጠገብ የተጻፈውን ብዛት ሳላይ አላዝም። የምፈልገው ከበዛ ሊሚቴን ከርካሹ ሻጭ ትንሽ ከፍ አድርጌ አስቀምጣለሁ፤ ያለውን ወዲያው ይወስድልኛል፣ ከጣሪያዬም አያልፍም።

«ትንሽ» ስንት ነው ላላችሁት፣ ከአንድ ወዳጄ ጋር እስካሁን አልተስማማንም። እሱ ሊሚቱን ከፍ ከማድረግ በየቀኑ 20፣ 30 አክሲዮን እያደረጉ መግዛት ይሻላል ይላል። እኔ ደግሞ እስኪጨርስ ዋጋው ይሄድበታል እላለሁ።