ይህን ያለው ማን ነው? ስለ ጥቅሶች ጥያቄና መልስ

ከአዳማ፦ «የቆዳ ቀለም ከዓይን ቀለም የበለጠ ትርጉም እስካለው ድረስ ጦርነት ይኖራል» የሚል ጥቅስ በቦብ ማርሊ ፎቶ ላይ አየሁ። ጓደኛዬ የጃንሆይ ነው ይለኛል። ማን ልክ ነው?

ጓደኛህ ይቀርባል። ግን ጥቅሱ የሁለቱም ቅልቅል ነው።

ወደ ኋላ እየሄድን እንየው። ይህ ቃል ያለበት «ዋር»፣ ማለትም «ጦርነት»፣ የተሰኘው የማርሊ ዘፈን የወጣው በፈረንጅ 1976 ነው። የግጥሙ ደራሲዎች ተብለው የተመዘገቡት አለን ኮልና ካርልተን ባሬት ናቸው፤ ማርሊ አይደለም። ቃሉ ግን ከዚያ በፊት አለ። ጃንሆይ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተናገሩት ኦክቶበር 4 ቀን 1963 ነው፤ በእኛ መስከረም 23 ቀን 1956። አንዱን ዘር የበላይ፣ ሌላውን የበታች የሚያደርገው አስተሳሰብ እስካልተጣለ ድረስ፣ የቆዳ ቀለምም ከዓይን ቀለም ያልበለጠ ትርጉም እስኪኖረው ድረስ እያሉ ይቀጥላሉ።

አሁን መጨረሻውን ተመልከት። በንግግሩ ውስጥ ያ ቀን እስኪመጣ የማይጨበጥ ሕልም ሆኖ የሚቀረው ዘላቂ ሰላም ነው። «ጦርነት» እያለ የሚመላለሰው አዝማች የዘፈኑ ነው። ስለዚህ አንተ ያየኸውን ጥቅስ የጻፈው ሰው ከዘፈኑ እንጂ ከንግግሩ እንዳልቀዳው ያስታውቃል።

ሌላም አለ። ጃንሆይ ይህን ሐሳብ ያቀረቡት በግንቦት 1955 አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት የአፍሪካ መሪዎች ጉባኤ ያስተማረው ትምህርት ነው ብለው ነው። ኢንተርኔት ላይ «ካሊፎርኒያ፣ ፌብሯሪ 1968» የሚል ቀን ካጋጠመህ አትቀበለው። የ1963ቱ ንግግር ከእሱ ይቀድማል።

ከሜሪላንድ፦ የመሪዎችን ንግግር እኮ የሚጽፉት አማካሪዎች ናቸው። እንግዲያው የጃንሆይም አይደለም ማለት ነው።

ግማሹ እውነት ነው። ንግግር የሚያረቅቅ ሰው ይኖራል። ግን «ማን ተናገረው?» እና «ማን አረቀቀው?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ለመጀመሪያው የጉባኤው ቃለ ጉባኤ ይበቃል። ለሁለተኛው ረቂቁ ራሱ ወይም የአርቃቂው ምስክርነት ያስፈልጋል። እሱን ሳያዩ የጃንሆይ አይደለም ማለትም ያለ ማስረጃ መናገር ነው። እኔ «ጃንሆይ በተባበሩት መንግሥታት የተናገሩት» ብዬ ቦታውንና ቀኑን እጨምራለሁ።

ከባሕር ዳር፦ ጥቅሱን በአማርኛ ፈልጌ ምንም አላገኘሁም። የለም ማለት ነው?

አይደለም። ፊደሉን ቀያይረሽ ሞክሪ። «ሠላም» ብለሽ ስትፈልጊ «ሰላም» የሚለው ላይመጣ ይችላል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ እንዲሁ ናቸው። የድሮ ጋዜጦች ደግሞ አብዛኞቹ ፎቶ ብቻ ስለሆኑ መፈለጊያው አያነባቸውም። ቀኑን ካወቅሽ በኋላ በዚያ ሳምንት የወጣውን ጋዜጣ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ማገላበጥ ይሻላል። ዓመተ ምሕረቱን እንዳትሳሳቺ! ብዙ ሰው 1956 ብሎ ጽፎ በፈረንጅ አቆጣጠር ይፈልጋል።

በእንግሊዝኛ ስትፈልጊ ሙሉውን አረፍተ ነገር አታስገቢ። ሲገለበጥ ቃል ይቀያየራል። የማይለወጡትን ሦስት አራት ቃላት በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጊ፦

```
"color of his eyes" Selassie 1963
```

ከሐዋሳ፦ ሟች አያቴ ሁልጊዜ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይሉ ነበር። አሁን በፌስቡክ በአንድ የፈረንጅ ምሁር ስም አየሁት። የአያቴ መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ?

ነፍሳቸውን ይማር። ይህ ግን ከአያትህም በፊት የነበረ ተረትና ምሳሌ ነው። ምሁሩም የአያትህ ትውልድም ከሕዝብ ነው የወሰዱት። ለምሳሌያዊ አነጋገር ባለቤት አይፈለግለትም። መጠየቅ የሚቻለው መጀመሪያ የታተመው የት ነው የሚለውን ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ፦ ጃንሆይ ጄኔቭ ላይ «ዛሬ እኛ ነን፣ ነገ እናንተ» ብለዋል ሲባል ነው ያደግነው። እሱስ?

ይህ ያከራክራል። ጃንሆይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የተናገሩት ሰኔ 23 ቀን 1928 ነው፤ በፈረንጅ ጁን 30 ቀን 1936። የታተመውን የንግግሩን ሙሉ ቃል ብታነቡት ይህ አረፍተ ነገር የለም። እግዚአብሔርና ታሪክ ፍርዳችሁን ያስታውሳሉ ማለታቸው አለ። የሚያበቃውም ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ በሚል ጥያቄ ነው።

ከመድረክ ሲወርዱ ነው ያሉት የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። አዳራሹ ረብሻ ነበረበት፤ የጣሊያን ጋዜጠኞች እያፏጩ ነበር። ግን ይህን የሚያስረዳው በዚያው ሰሞን የታተመ፣ በቦታው የነበረ ሰው ዘገባ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ የተጻፈ መጽሐፍ «እንደተባለው» ቢል ማስረጃ አይሆንም።

ከዚያው ጠያቂ፦ ታዲያ ልጥቀሰው ወይስ ልተወው?

«እንዳሉት ይነገራል» ብለህ ጥቀሰው። ከንግግሩ ጽሑፍ ጋር ግን አንድ ላይ አታድርገው። የ1936 ዘገባ ያለው ሰው ካለ ገጹን ፎቶ አንስቶ ከነቀኑ ያቅርበው፤ አብረን እናየዋለን።