ለጭንቅላት ቅየራ የትኛውን ፎቶ ልምረጥ?

«በቡድን ፎቶ ላይ የወንድሜ ዓይን ተጨፍኗል። ከሌላ ፎቶው ጭንቅላቱን ቆርጬ ብለጥፍም ያስታውቃል። የትኛውን ልምረጥ?»

ፈገግታው የሚያምረውን ሳይሆን አፍንጫው እንደ ቡድን ፎቶው ወደዚያው አቅጣጫ የዞረውን፣ ጥላውም በዚያው በኩል የወደቀውን ምረጥ።

1. በቡድን ፎቶው ላይ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ግራና ቀኝ የጉንጩ ጠርዝ ያለውን ርቀት እይ። አንዱ ጎን የሌላውን እጥፍ ከሆነ፣ በምትመርጠው ፎቶም ወደዚያ የቀረበ መሆን አለበት። ቀጥሎ ጆሮውን ከዓይኑ ጋር አስተያይ። ሰው ሲያቀረቅር ጆሮው ከዓይኑ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ቀና ሲል ደግሞ ዝቅ ይላል። ወደ ትከሻ ማዘንበል ብቻ ከሆነ አታስብ፣ ፎቶውን ትንሽ ስታሽከረክረው ይስተካከላል። መዞርና ማቀርቀር ግን በማሽከርከር አይስተካከሉም።

2. የአፍንጫውንና የአገጩን ጥላ ተከተል። በቡድን ፎቶው ጥላው ወደ ቀኝ ወርዶ ጠርዙ ስል ከሆነ፣ በደመናማ ቀን የተነሳ ፎቶ አይሆንህም። የቀለም ልዩነት በኋላ ይታረማል፣ የጥላ አቅጣጫን ማረም ግን ፊቱን እንደገና እንደመሳል ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ብርሃኑ በተቃራኒ በኩል ሲሆንብህ የፎቶውን ግራና ቀኝ ገልብጠህ ለመገላገል አትሞክር። የፊቱ አዟዟርም አብሮ ይገለበጣል። እኔ አንዴ በአንድ ልጅ ፎቶ ላይ ብርሃኑም አዟዟሩም ተቃራኒ ስለነበሩ ገልብጬው ልክ መጣልኝ፣ ግን የፀጉሩ ክፍያና ጉንጩ ላይ ያለው ምልክት ጎን ቀየሩ፣ እናቱም ወዲያው «ይሄ ልጄን አይመስልም» አሉኝ።