የጅሬን አቀበት ላይ የፈሰሰው ሮቶ፦ ስለ ክፍትና ዝግ ዑደት ቁጥጥር

«ኦፕን ሉፕ እና ክሎዝድ ሉፕ የሚባሉትን የቁጥጥር ዓይነቶች ክፍል ውስጥ ተምረናል። ሥዕሉን ሥሪ ብባል እሠራለሁ፤ ልዩነቱ ግን አልገባኝም። በሰዓት የሚበራና የሚጠፋ ፓምፕ ሰው ሳይነካው በራሱ ይሠራል፤ ታዲያ ለምን ኦፕን ሉፕ ይባላል? ቤት ውስጥ ባለ ነገር የሚያስረዳኝ ካለ አመሰግናለሁ።»

እህቴ፣ ግራ ያጋባሽ «በራሱ ይሠራል» የሚለው ቃል ይመስለኛል። እኔም ልዩነቱ የገባኝ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ በኋላ፣ በፈሰሰ ውሃ ነው።

ጅማ ውስጥ፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚያወጣው የጅሬን አቀበት ላይ ተከራይቼ እኖር ነበር። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ግቢው ውስጥ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ አለ፤ መሙያው ቧንቧ ላይ በእጅ ከሚዞር መዝጊያ በስተቀር ምንም አልነበረውም። አንድ ቀን ሮቶው ሥር መቆም ሰለቸኝና ለካሁ። 20 ሊትር ጀሪካን በ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሞላ። ይህ በደቂቃ 12 ሊትር ነው፤ ባዶው ሮቶ በ83 ደቂቃ ይሞላል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መዝጊያውን ከፍቼ ስልኬን 80 ደቂቃ ላይ እሞላና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ለሳምንታት አንድም ቀን አልሳተም።

አንድ ምሽት ግን ውሃው 5 ሰዓት ላይ መጣ። እንደ ልማዴ ከፍቼ፣ ሰዓቱን ሞልቼ ጋደም አልኩ። ስልኩ ሳይጮህ የቀሰቀሰኝ የአከራዬ በር መምታት ነው፤ «ልጄ ተነሥ፣ ግቢው ጎርፍ ሆነ!» ውሃው ከሮቶው አፍ እየተንደቀደቀ በረንዳው ላይ የተደረደረውን የጀንፈል ጆንያ አርሶታል። በማግሥቱ እማማ ጀንፈሉን ሰሌን ላይ ዘርግተው፣ የረጠበውን ከደረቁ በጣታቸው ሲለዩ ያየሁት ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም።

ስልኩ ሰዓቱን አልሳተም፤ ስሌቴም ልክ ነበር። የተለወጠው የመስመሩ ግፊት ነው። ሌሊት የከተማው ሰው ቧንቧውን ዘግቶ ይተኛል፤ በዋናው መስመር የሚሄደው ውሃ ሲቀንስ በመንገድ የሚባክነውም ግፊት ይቀንሳል፤ ስለዚህ እኛ ያለንበት አቀበት ላይ የሚደርሰው ግፊት ይጨምራል። በሌላ ሌሊት ያንኑ ጀሪካን ብለካው በ50 ሰከንድ ሞላ፤ በደቂቃ 24 ሊትር። በዚህ ፍጥነት ባዶው ሮቶ በ42 ደቂቃ ገደማ ይሞላል። ስልኩ እስኪጮህ ቢጠበቅ ኖሮ በ80 ደቂቃ 1,920 ሊትር ይገባ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 920ው መሬት ላይ የሚፈስ።

ክፍት ዑደት፣ ማለትም ኦፕን ሉፕ፣ የሚባለው ይህ ነው። ትእዛዙ ከእኔ ወደ መዝጊያው፣ ከመዝጊያው ወደ ሮቶው ይሄዳል፤ ከሮቶው ግን ወደ መዝጊያው የሚመለስ ወሬ የለም። በስልኬ ፋንታ ቧንቧውን ራሱ የሚዘጋ የኤሌክትሪክ ሰዓት ባስገጥም ኖሮ እኔ ሳልነሣ ይሠራ ነበር፤ ውሃው ግን ያው ይፈስ ነበር፤ ሰዓት ደቂቃ ይቆጥራል እንጂ ውሃው የት እንደደረሰ አያይም። ያንቺም ፓምፕ እንዲሁ ነው። ግፊቱ ቀንም ሌሊትም አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ በሰዓቱ እስከ ዛሬ እረካ ነበር።

ከዚያ በኋላ የቧንቧ ሠራተኛ ጠርተን በተንሳፋፊ ኳስ የሚሠራ ቫልቭ አስገባን። ባዶ የፕላስቲክ ኳስ በክንድ ጫፍ ላይ ታስሯል፤ የክንዱ ሌላኛው ጫፍ ውሃ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ አንዲት ትንሽ ጎማ ይጫናል። በገባበት ቀን መሰላል ላይ ወጥቼ በባትሪ እያበራሁ ተመለከትኩት። መጀመሪያ ውሃው የአውራ ጣት ውፍረት ነበረው። ኳሱ እየተነሣ ሲመጣ እንደ ትንሿ ጣት ቀጠነ፣ ከዚያ እንደ ክር ሆነ፣ በመጨረሻም ጠብ ጠብ ብሎ ቆመ። ውሃው የራሱን መግቢያ በራሱ ከፍታ ዘጋ።

እዚህ ላይ በክፍል የሣልሻቸው ሣጥኖች ሁሉ አሉ። ኳሱ ከፍታውን ይለካል። የተፈለገውን ከፍታ የሚወስነው ክንዱ የታጠፈበት ልክ ነው፤ ክንዱን ወደ ታች ብታጥፊው ውሃው ቀደም ብሎ ይቆማል። ጎማዋ ደግሞ በጎደለው ልክ ትከፍታለች። ውጤቱ ተመልሶ መንስኤውን ስለሚነካ ዑደቱ ተዘጋ። ሌሊት ግፊቱ ሲጨምር ሮቶው ቶሎ ይሞላል፤ የሚቆመው ግን እዚያው አካባቢ ነው። በእርግጥ ብርቱ ግፊት ጎማዋን ስለሚገፋት ኳሱ ትንሽ ጠለቅ ብሎ ነው የሚዘጋው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ስለሚስተው። ዝግ ዑደት ነው ማለት ከፍታው ፈጽሞ አይነቃነቅም ማለት አይደለም። ለቀላል ስሌት፣ ውሃው ከሙሉው 10 ሴንቲሜትር ሲጎድል ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፣ በመካከል ያለውም በዚያው መጠን ይከፈታል እንበል። ሰው ገላውን እየታጠበ በደቂቃ 6 ሊትር ይወስዳል። በቀን ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት በደቂቃ 12 ሊትር ስለሚያስገባ፣ 6 ለማስገባት ግማሹን መከፈት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ውሃው 5 ሴንቲሜትር መጉደል ይኖርበታል። እዚያ ደርሶ ይረጋል። ሌሊት 24 ሊትር ስለሚያስገባ ሩቡ ይበቃል፤ ውሃው በ2 ሴንቲሜትር ተኩል ጎድሎ ይረጋል። ግፊቱ ሲለዋወጥ በሰዓቱ ጊዜ 920 ሊትር ያስከፍል የነበረው፣ አሁን የ2 ሴንቲሜትር ተኩል ልዩነት ብቻ ሆነ። ጉድለቱ ግን ፈጽሞ አይጠፋም፤ ይህ ቫልቭ ካልጎደለ አይከፍትምና።

ድካሙም አለው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሮቶው እንደገና ሌሊት ፈሰሰ። ክዳኑን ከፍቼ ክንዱን በእጄ ወደ ላይ አነሣሁት፤ ውሃው ወዲያው ቆመ። ስለዚህ ጎማዋ ደኅና ናት፤ ችግሩ መለኪያው ላይ ነው። ኳሱን ፈትቼ ስነቀንቀው ውስጡ ውሃ ተንቦጫረቀ፤ ተሰንጥቆ ውሃ ስለገባበት ከብዶ፣ ሮቶው ሞልቶም ሳለ ገና እንደጎደለ ያህል ተዘቅዝቆ ይቀር ነበር። ክንዱ ተነሥቶም ውሃው ባይቆም ኖሮ ኳሱን ትቼ ጎማዋን ወይም ሥሯ የገባውን አሸዋ እፈልግ ነበር። መለኪያው ሲዋሽ ዝግ ዑደትም ከሰዓቱ አይሻልም፤ ለዚህ ነው ከመሙያው ቧንቧ የሰፋ የትርፍ ውሃ መውጫ ያስፈለገን። ፈረቃው ሲቀር ደግሞ ቫልቩ አፉን ከፍቶ ከመጠበቅ ሌላ የሚያደርገው የለም።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሮቶ ካለ፣ ሞልቶ ሳለና መስመሩ ውሃ ባለበት ሰዓት ክዳኑን ክፈቺና ኳሱን በእጅሽ ወደ ታች ተጫኚው። ሮቶው ሙሉ ሆኖ ሳለ ከቫልቩ ውሃ መውረድ ይጀምራል። ከዚያ ልቀቂውና ክሩ እስኪቀጥን፣ ጠብታውም እስኪቆም ተመልከቺ። ከሰዓቱ ፓምፕ ጋር ይህን ማድረግ አትችዪም፤ የምትጫኚው ኳስ የለውም።